ደንበኝነት ሲቋረጥ ዳታው የት ይቀራል?

የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ የጥናት ፕሮጀክቶች ሒሳብ ይዘጋል፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸው የዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌሮች ደንበኝነትም አብሮ ይቋረጣል። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ይህን የፋይናንስ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ሆኖም ከአቅራቢው ጋር ያለው ግንኙነት ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ሶፍትዌሩን የመጠቀም መብት ነው። ሌላው አቅራቢው የተሳታፊዎችን የግል ዳታ በጥናት ቡድኑ ስም እንዲይዝና እንዲያቀናብር የተሰጠው ፈቃድ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ሲቆም ሊያበቃ ይችላል፤ ዳታው ግን በአቅራቢው ሰርቨር ላይ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ለአብነት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ክትትልን በሚመለከት 1,200 ሰዎችን ያነጋገረ አንድ የጥናት ቡድን ይታሰብ። በእጁ ስም፣ ስልክ ቁጥርና 300 የድምፅ ቅጂዎች አሉ። ተሳታፊዎቹ የፈረሙት የስምምነት ቅጽ፣ ድምፁ በጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ እንደሚጠፋ ይገልጻል። ይህን ቃል የገባው ቡድኑ እንጂ አቅራቢው አይደለም። ስለዚህ መለያው ተዘግቶ ቅጂዎቹ ባልታወቀ ቦታ ቢቀሩ፣ ቃሉን ያፈረሰው ቡድኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ብዙ ጊዜ ከቀን አቆጣጠር ይመጣል። ቡድኑ «በሰኔ መጨረሻ» ሲል ሰኔ 30ን ያስባል፤ አቅራቢው ግን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው ነው፤ የእሱ ጁን 30 ሰኔ 23 ላይ ይውላል። በሰባት ቀን ልዩነት መለያው ሊቆለፍ ወይም ውሉ በራሱ ሊታደስ ይችላል። የማቋረጫ ደብዳቤው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ቢጽፍ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ከማቋረጡ በፊት መቅደም ያለበት ዳታውን ማውጣት ነው። የሚያሳስበው ደግሞ የወረደው ፋይል ሙሉ መስሎ ሙሉ አለመሆኑ ነው። በ`.csv` የወጣው ሰንጠረዥ የድምፅ ቅጂዎቹን ራሳቸውን ላይይዝ ይችላል፤ በዓምዱ ውስጥ የሚገኘው ወደ አቅራቢው ሰርቨር የሚያመራ አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። መለያው ክፍት እስካለ ድረስ አድራሻው ስለሚሠራ ጉድለቱ አይታይም፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ከ300ው ቅጂ አንዱም አይከፈትም። ፋይሉ በኤክሴል በቀጥታ ሲከፈት ደግሞ የስልክ ቁጥሮች መነሻ ዜሮ ሊጠፋ፣ የግዕዝ ፊደላትም ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ። እንዲህ የተከፈተ ፋይል ተመልሶ ከተቀመጠ ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። መልሶች በቁጥር ኮድ ከተመዘገቡም መጠይቁ ራሱ አብሮ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ «3» የሚለው መልስ ምን ማለት እንደነበር የሚያስረዳ አይኖርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወደ መለያው ባልገባና ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ መዝገቦቹ 1,200፣ ድምፆቹ 300 መሆናቸው ይቆጠራል፤ ጥቂቶቹም በዕጣ ተመርጠው ይደመጣሉ። ይህ ሳይደረግ የስረዛ ጥያቄ መላክ ቸኩሎ ማጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ የስረዛ ጥያቄው ይላካል። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 28 መሠረት፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ አቀናባሪው በተቆጣጣሪው ምርጫ የግል ዳታውን እንዲሰርዝ ወይም እንዲመልስ፣ ቅጂዎችንም እንዲያጠፋ በውሉ መደንገግ አለበት፤ ሕግ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ብቻ ይቀራል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንዲህ ያለ የውል አንቀጽ ግን ጥያቄው በትክክል ካልቀረበ ብዙም አይረዳም። «መለያዎ ተሰርዟል» የሚል አጭር ኢሜይል ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ መለያ መሰረዝና ዳታ መሰረዝ አንድ አይደሉምና።

በቂ ማረጋገጫ ቢያንስ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ከሚሠራበት ሰርቨር ዳታው የጠፋበትን ቀን፣ መጠባበቂያ ቅጂዎች የሚጠፉበትን የመጨረሻ ቀን፣ እንዲሁም አቅራቢው ዳታውን ያጋራቸው ንዑስ አቀናባሪዎች መሰረዛቸውን። ከሦስቱ ክርክር የሚያስነሳው ሁለተኛው ነው። መጠባበቂያ ቅጂ በዙር ስለሚተካ የአንድን ደንበኛ ዳታ ከውስጡ ነጥሎ ማውጣት አዳጋች ነው፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት መጠበቅ ተገቢ ነው። ቀን ሳይጠቀስ «በመደበኛው አሠራር ይጠፋል» የሚል መልስ ግን ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የክፍያ ደረሰኞች ለግብር ሕግ ሲባል ቢቆዩ የሚያስቆጣ አይደለም፤ በውስጣቸው የታካሚ ስም የለምና።

እርግጥ ነው፣ ቡድኑ የአቅራቢውን ሰርቨር ገብቶ መፈተሽ አይችልም። ማረጋገጫው የቴክኒክ ማስረጃ ሳይሆን ተጠያቂነትን የሚያስከትል የጽሑፍ ቃል ነው። ዳታው ኋላ ላይ ሾልኮ ቢገኝ ክርክሩ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። በመሆኑም ደብዳቤው በአንድ ተመራማሪ የኢሜይል ሳጥን ሊቀር አይገባም፤ ተመራማሪው ተመርቆ ሲሄድ አብሮት ይጠፋል። ቦታው ጥናቱን ባጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፋይል ውስጥ፣ ከስምምነት ቅጹ ናሙና ጋር ነው። በመጠባበቂያው መጥፊያ ቀንም ለአቅራቢው ሁለተኛ ደብዳቤ ይላካል፤ መልሱ እስኪመጣ የፕሮጀክቱ ፋይል «ተዘግቷል» ተብሎ አይፈረምበትም።