የሱቁ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ሜሪላንድ የምትኖር ሴት ከአዲስ አበባ ሱቅ የሐበሻ ቀሚስ ልታዝ ስታስብ፣ ድረ ገጹን ካየች በኋላ መጀመሪያ የምትደውለው ለሱቁ አይደለም። ለእህቷ ነው። «እስቲ በካዛንቺስ ስታልፊ ጎራ ብለሽ እይልኝ፤ እውነት ሱቅ አለ?» ትላታለች። እህቷ ሄዳ ጨርቁን በእጇ ዳስሳ፣ ጥልፉን አይታ፣ የሱቁን ባለቤት አነጋግራ «አለ፣ ደህና ሰዎች ናቸው» ካለቻት ገንዘቡ ይላካል። ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር የዚህችን እህት ምስክርነት አይተካም።

ይህ ልማድ ለአነስተኛ ሱቆች ትልቅ ሀብት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ግን ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ነጋዴውም እንደ ነዋሪው ተበተነ። ድረ ገጾቹ ላይ ያለው አድራሻ ግን አልተነሳም። «ካዛንቺስ፣ ከቶታል ወረድ ብሎ» የሚል ጽሑፍ ይዛ የሄደች እህት የምታገኘው የታጠረ ቦታ ወይም አዲስ መንገድ ነው። ሱቁ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ሥራውን ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ የሚደርሰው ወሬ ግን «ሄጄ ነበር፣ ምንም የለም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ደንበኛ ለጓደኞቿ የምትናገረው ስለ ከተማ ልማት አይደለም፤ ለጥቂት ከመታለል ስለ መትረፏ ነው።

ስለዚህ ለውጭ ደንበኛ በሚሠራ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ የሚጻፈው ለፖስታ ቤት ብቻ ሳይሆን ለዚያች እህት ነው። የሕንፃው ስም፣ ፎቁ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የሚነሳ ስልክ፣ ሱቁ ክፍት የሚሆንበት ቀንና ሰዓት መጻፍ አለበት። የተዛወረ ሱቅ ደግሞ «ከዚህ ቀደም ካዛንቺስ ነበርን፤ ከዚህ ወር ጀምሮ እዚህ ነን» ብሎ አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን ይጻፍ። አሮጌውን አድራሻ ዝም ብሎ ማጥፋት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል፤ ደንበኛዋ የድሮውን ከጓደኛዋ ሰምታዋለችና። ካርታ ላይ የተተከለው ምልክትም አብሮ ይነሳ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ለአነስተኛ ሱቆች ድረ ገጽ ሲሠራ ሳይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ለሠሪውም ለሱቁ ባለቤትም አይታይም።

ቀሚስ በልክ ሲሰፋ ልክ መውሰድ አለ። ደንበኛዋ ውጭ ስትሆን ልኩ የሚወሰደው በቪዲዮ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮ ያስፈልጋል። የሱቁ ባለቤት «ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች። የማን ማታ? በዋሽንግተን አካባቢ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ሌሊቱ ተጋምሷል። ይህንን ብዙ ሰው ያስተውለዋል። የማይስተዋለው ሁለተኛው ነው። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ሲቀይረው ኮምፒውተሩ ቃላቱን እንጂ አቆጣጠሩን አይለውጥም። የአዲስ አበባውን ማታ 1 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 7 PM የሆነውን፣ «7:00 ከሰዓት» ብሎ ያሳያል። አዲስ አበባ የተቀመጠች ሴት ይህንን ስታነብ የሚገባት ምሳ ሰዓት ላይ ያለው 7 ሰዓት ነው። ሜትሯን ይዛ፣ ስልኳን ከፍታ ትጠብቃለች። ደንበኛዋ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና ሊነጋ ሲል ተኝታለች። ስድስት ሰዓት ቆይታ ደንበኛዋ ስትደውል ሱቁ ተዘግቷል። ሁለቱም ቀጠሮ አክብረዋል፤ ሁለቱም ሌላዋ እንደቀረች ያምናሉ።

መፍትሔው ሁለቱንም ሰዓት በግልጽ መጻፍ ነው፦ «በአዲስ አበባ ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ማክሰኞ 11:00 AM»። የቀኑ ስም ሁለቱም ጋ ይደገም፤ ሌሊት ላይ የሚወድቅ ቀጠሮ አንዱ ጋ ማክሰኞ ሌላው ጋ ረቡዕ ይሆናልና።

ሠሪው ደግሞ «ስምንት ሰዓት ቀንስ» ብሎ ቁጥር መጻፍ የለበትም። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የእነሱ ይለወጣል። አሜሪካ በመጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ትገፋና በጥቅምት መጨረሻ ትመልሳለች። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። አውሮፓ ሰዓቷን የምትቀይረው ከአሜሪካ ጋር እኩል አይደለም፤ በመጋቢት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዘግይታ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የለንደኗ ቀጠሮ ትክክል ሆኖ የዋሽንግተኗ ይዛባል። ድረ ገጹ የቦታውን ስም ማለትም Africa/Addis_Ababa እና America/New_York ብሎ ከያዘ ለውጡን ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል።

ለባለቤቷ የምመክረው አንድ ቋሚ የስልክ ሰዓት እንድትመርጥ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ብታደርገው በክረምታቸው ለንደን ከቀኑ 4 እስከ 6 PM፣ ዋሽንግተን ከ11 AM እስከ 1 PM፣ ሲያትል ከጠዋቱ 8 እስከ 10 AM ይሆናል። ሁሉም ጋ ሰው ነቅቷል። ቀኑን ሙሉ «24 ሰዓት እንመልሳለን» ብሎ ጽፎ ሌሊት ከመጥፋት እነዚህን ሁለት ሰዓታት በሳምንት ሦስት ቀን አክብሮ መገኘት ይበልጣል።

ቀንም እንደ ሰዓቱ ነው። «ለገና ይድረስልኝ» የምትል ደንበኛ የልጆቿን ትምህርት ቤት ገና ማለቷ ነው ወይስ የእኛን? በመካከሉ 13 ቀን አለ። የትዕዛዝ ቅጹ «ልብሱ የሚለበሰው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በሁለቱም አቆጣጠር መልሶ ያሳያት።

ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራል። ሠርጉ ቅዳሜ ሐምሌ 18 ቀን 2018፣ በእነሱ ጁላይ 25 ነው እንበል። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ሠርግ የሚበዛበት ወቅት ነው። ቀሚሱ ጠበበ ወይም ረዘመ ቢባል እዚያው ለማስተካከል ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ ሐምሌ 11 እጇ መግባት አለበት። ለጉዞና ለጉምሩክ አሥር ቀን ከያዝንለት ረቡዕ ሐምሌ 1 ከአዲስ አበባ ይነሳል። ሸማኔው፣ ጥልፉና ስፌቱ አራት ሳምንት የሚፈጁ ከሆነ ልክና ቀብድ ማለቅ ያለባቸው ረቡዕ ሰኔ 3 ነው። ድረ ገጹ ሰኔ 4 ላይ ለሐምሌ 18 ትዕዛዝ መቀበል የለበትም። «አይደርስም» ማለት ያንን ሽያጭ ያሳጣል፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ቀሚስ ግን የሙሽራዋን ዘመድ ሁሉ ያሳጣል።

ስለ ማጓጓዣው ሁለት ነገር። አንደኛው ካርቶኑ ነው። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ ሳይሆን በቦታም ነው፤ ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፣ ከሚዛኑ ከበለጠ ክፍያው በእሱ ነው። ነጠላውን ጨምሮ 1.5 ኪሎ የሚመዝን ቀሚስ 40 በ30 በ20 ካርቶን ውስጥ ሲገባ 4.8 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። በጥንቃቄ ታጥፎ 35 በ28 በ8 ሲሆን ወደ 1.6 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ የማጓጓዣ ዋጋ ድረ ገጹ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቀሚሱ መታሸግና መለካት አለበት። ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ «ማጓጓዣው ጨምሯል፣ ጨምሪ» ማለት ከማጭበርበር ጋር አንድ ሆኖ ይሰማል።

ሁለተኛው ቀረጥ ነው። ዋጋቸው ከ800 ዶላር በታች የሆኑ ዕቃዎች አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገቡበት አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ቆሟል። ደንበኛዋ ይህንን የምትሰማው ዕቃ አድራሹ በሯ ላይ ቆሞ ገንዘብ ሲጠይቃት መሆን የለበትም። ማን እንደሚከፍል፣ ሱቁ ወይስ ተቀባይዋ፣ ከዋጋው ጎን ይጻፍ። ሰነዱ ላይም «የሐበሻ ቀሚስ» ብቻ ለጉምሩክ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም፤ የሴት ቀሚስ፣ በእጅ የተሸመነ፣ መቶ በመቶ ጥጥ፣ ኢትዮጵያ የተሠራ፣ ዋጋውም እውነተኛው። «ስጦታ፣ 20 ዶላር» ብሎ መጻፍን እንደ ውለታ የሚያዩ አሉ። ውሸት ነው፤ ዕቃው ቢጠፋም ካሳ የሚጠየቀው በ20 ዶላሩ ነው።

በመጨረሻ ገንዘቡ። በውጭ ያለው ሰው የለመዳቸው እንደ ስትራይፕ ያሉ የክፍያ መንገዶች ለኢትዮጵያ ሱቅ አካውንት አይከፍቱም። ስለዚህ ብዙዎች አሜሪካ ባለ ዘመድ አካውንት በዜል ይቀበላሉ። ደንበኛዋ ከሱቁ ስም ጋር የማይገናኝ የማታውቀው ሰው ስም ስታይ እጇ ይቆማል፤ ትክክልም ናት፣ በዜል የተላከ ገንዘብ መመለሻ የለውምና። የወጪ ንግድ ገቢ በባንክ በኩል መግባት ስላለበት የዘመድ አካውንት ለሱቁም ዘላቂ መንገድ አይደለም። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያላቸው እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ድርጅቶችን የውጭ ካርድ ስለመቀበል ጠይቁ፤ ከባንካችሁም ጋር ተነጋገሩ። እስከዚያው ደግሞ ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ያለቀው ቀሚስ በቪዲዮ ከታየ በኋላ ተቀበሉ።

ከካዛንቺስ ተነስታችሁ በቂርቆስ ወይም በሌላ ክፍለ ከተማ ሱቃችሁን እንደገና የከፈታችሁ ባለሙያዎች፣ የምለምናችሁ አዲስ ፎቶ ከማስነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻችሁን በስልካችሁ ከፍታችሁ ሦስት ነገር እንድታዩ ነው፦ አድራሻው ዛሬ ያላችሁበት መሆኑን፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ መጻፉን፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል መነገሩን። የጎደለውን ዛሬውኑ አስተካክሉ፤ የደንበኛዋ እህት ነገ ልትመጣ ትችላለች።