16 ሚሊዮኑን ቁጥር ተዉት፤ ቪኤክስላን የተፈለገው ለሌላ ነገር ነው

ስለ ቪኤክስላን የሚሰጥ ገለጻ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጀምራል። የቪላን መለያ 12 ቢት ስለሆነ ከ4094 በላይ ኔትወርክ አይለይም፤ የቪኤክስላን መለያ ግን 24 ቢት በመሆኑ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይለያል ይባላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ሆኖም በጠቅላላው 60 ቪላን ብቻ የሚያስተዳድር መሐንዲስ ይህን ሰምቶ "ታዲያ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?" ቢል አይፈረድበትም። 16 ሚሊዮን ኔትወርክ የሚያሳስበው በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችን በአንድ መሠረተ ልማት ላይ የሚያስተናግድ የክላውድ አቅራቢን ነው። ለሌላው መሐንዲስ የቪኤክስላን ትርፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰርቨሮቹ አንድ ሰብኔት ውስጥ እንደተቀመጡ ሆነው ይቀጥላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ኔትወርክ ግን ሙሉ በሙሉ በራውቲንግ ይሠራል። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ከተለመደው ቪላን መነሳት ይሻላል። የኢተርኔት ፍሬም ዕድሜ የሚባል ነገር የለውም። የአይፒ ፓኬት በእያንዳንዱ ራውተር ሲያልፍ የሚቀንስ ቆጣሪ ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ መንገድ ቢስት እንኳ ቆጣሪው ሲያልቅ ይጣላል። ፍሬም ግን ሉፕ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ገመዱን እስኪነቅል ድረስ ይሽከረከራል። ብሮድካስት ከሆነ ደግሞ በየዙሩ ይባዛል። ስፓኒንግ ትሪ የተፈጠረው ይህን ለመከላከል ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ትርፍ መንገዶችን መዝጋት ነው። ከአንድ ስዊች ወደ ላይ ሁለት ገመድ ከተዘረጋ አንዱ ለአንድ ቪላን ተዘግቶ ይቀመጣል። ቪላኖቹን በሁለቱ ገመዶች ላይ ማከፋፈል ወይም ሁለት ስዊቾችን እንደ አንድ አጣምሮ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙዎችም ይህን ያደርጋሉ። ሦስተኛና አራተኛ የላይ ስዊች መጨመር ሲፈለግ ግን ብልሃቱ ያልቃል።

ስፓይን ሊፍ የሚባለው አዘረጋግ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። በየራኩ አናት ላይ ያለው ስዊች ሊፍ ይባላል፤ እያንዳንዱ ሊፍ ከሁሉም ስፓይን ጋር ይገናኛል። ሊፍ ከሊፍ፣ ስፓይንም ከስፓይን ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ሐሳቡ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ክሎስ በ1953 ለስልክ መቀያየሪያ ካወጣው ንድፍ የተወረሰ ነው። በሊፍና በስፓይን መካከል ያለው እያንዳንዱ ገመድ በአይፒ የሚሠራ የነጥብ ለነጥብ ግንኙነት ስለሆነ ስፓኒንግ ትሪ የሚዘጋው ነገር አያገኝም። ሁለቱም፣ አራቱም፣ ስምንቱም መንገድ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ቪላን ራውተርን አይሻገርም። በራክ 1 ያለ ቨርቹዋል ማሽን አይፒ አድራሻውን ሳይቀይር ወደ ራክ 4 መዛወር ካለበት ምን ይደረጋል? ቪኤክስላን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

አራት ሊፍና ሁለት ስፓይን ያሉት ዳታ ሴንተር ይታሰብ። ሰርቨር ሀ 10.10.10.11 የሚል አድራሻ ይዞ በሊፍ 1 ሥር ተቀምጧል፤ ሰርቨር ለ ደግሞ 10.10.10.24 ይዞ በሊፍ 4 ሥር። ሁለቱም በቪላን 10 ውስጥ ናቸው። ሊፎቹ የራሳቸው የሉፕባክ አድራሻ አላቸው፤ ሊፍ 1 10.0.0.1፣ ሊፍ 4 10.0.0.4። በሁለቱም ሊፎች ላይ ቪላን 10 ከ10010 ጋር ተያይዟል፤ ይህ ቁጥር የቪኤክስላን መለያ ነው።

ሀ ለ ለ ፍሬም ሲልክ ሊፍ 1 እንደ ማንኛውም ስዊች በቪላን 10 ይቀበለዋል። ከዚያ የቪላኑን ምልክት አንስቶ ፍሬሙን እንዳለ በሌላ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። በፖስታው ላይ 10010 የሚለው መለያ፣ የዩዲፒ ወደብ 4789፣ ላኪ 10.0.0.1፣ ተቀባይ 10.0.0.4 ተብሎ ይጻፋል። ስፓይኑ የሚያነበው ከላይ ያለውን አይፒ ብቻ ነው። ከመርካቶ በአውቶቡስ ወደ ደሴ የተላከን ካርቶን የሚጭነው ረዳት "ደሴ" የሚለውን ካነበበ ይበቃዋል፤ ውስጡ ስላለው ዕቃ የሚያገባው ነገር የለም። ሊፍ 4 ፖስታውን ቀዶ ፍሬሙን አውጥቶ ለ ለ ያደርሳል። ሰርቨሮቹ ምንም የተለየ ነገር አያዩም።

ከዚህ አንድ ለቪላን ሰው እንግዳ የሆነ ነገር ይወጣል። የቪላን ቁጥር ከሊፉ ውጪ ትርጉም የለውም። ሊፍ 4 ላይ ቪላን 20 ከ10010 ጋር ቢያያዝ ኖሮ ሀ እና ለ እንደ ወትሮው ይነጋገሩ ነበር። ስፓይኖቹም አንድም የሰርቨር ማክ አድራሻ አይዙም፤ የሚያውቁት የሊፎቹን አድራሻዎች ብቻ ነው። አዲስ ቪላን ሲከፈት ስፓይን ላይ የሚነካ ነገር የለም።

ለ በሊፍ 4 ሥር መሆኑን ሊፍ 1 ከየት ያውቃል? በመጀመሪያው አሠራር፣ ማለትም በ2014 በወጣው RFC 7348 በተገለጸው መሠረት፣ እንደ ድሮው ስዊች ነው፤ ለማይታወቅ ተቀባይ የመጣው ፍሬም ለሁሉም ሊፍ ይበተናል፤ ከመልሱ ይማራል። ይሠራል፤ ግን ሰዎች ሊያመልጡት የፈለጉትን የብተና ባሕርይ ይዞት ይመጣል። ዛሬ አዲስ ዝርጋታ የሚያስብ መሐንዲስ ኢቪፒኤንን ከመጀመሪያው ቢያስገባ ይሻለዋል። በኢቪፒኤን ሊፍ 4 የለን ማክና አይፒ እንዳወቀ በቢጂፒ "ይህ ማሽን በ10010 ውስጥ እኔ ጋ ነው" ብሎ ያስታውቃል። ማሽኑ ወደ ሊፍ 2 ከተዛወረ ሊፍ 2 ከፍ ያለ ተራ ቁጥር ይዞ ያስታውቃል፤ አሮጌው መረጃ ይሻራል። ቢጂፒ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ነገር ነው ብሎ የሚሸሸው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከሥራው ይበልጣል።

አሁን ሁሉም አሠራሩ ገብቷቸው ሳለ የሚወድቁበት ጉድጓድ ላይ ደርሰናል። ፖስታው ክብደት አለው። የውስጡ ኢተርኔት ራስጌ 14 ባይት፣ የቪኤክስላን 8፣ የዩዲፒ 8፣ የውጪው አይፒ 20፣ በድምሩ 50 ባይት ነው። ሰርቨሩ የላከው 1500 ባይት በሊፍና በስፓይን መካከል 1550 ይሆናል። ስለዚህ የመካከለኛው ኔትወርክ ኤምቲዩ በሁሉም ወደብ ላይ ከፍ ማለት አለበት፤ ብዙ ስዊቾች የሚፈቅዱትን 9216 ማድረግ የተለመደ ነው።

አንድ ወደብ ቢረሳስ? በምሳሌያችን ስፓይን 2 ወደ ሊፍ 4 የሚወጣበት ወደብ በ1500 ቀርቷል እንበል። ሊፍ 1 ከሀ የሚመጣውን እያንዳንዱን ግንኙነት በውስጡ አድራሻዎችና ወደቦች መሠረት አስልቶ የውጪውን የዩዲፒ መነሻ ወደብ ይለዋውጣል፤ በዚያ ምክንያት አንዱ ግንኙነት በስፓይን 1፣ ሌላው በስፓይን 2 ይሄዳል። ጭነት የሚከፋፈለው እንዲህ ነው። እንግዲህ በስፓይን 1 የሄደው ፋይል ቅጂ ያልቃል፤ በስፓይን 2 የሄደው ይጀምርና ቀጥ ይላል። ሠራተኛው አቋርጦ እንደገና ሲሞክር መነሻ ወደቡ ስለሚቀየር አንዳንዴ "ተስተካከለ"። ጥፋቱ በሰርቨሩ፣ በፋየርዎሉ፣ በባክአፕ ሶፍትዌሩ ይሳበባል።

ፒንግም ያሳስታል። ተራው ፒንግ ትንሽ ስለሆነ በየትም ያልፋል። ትልቁ ፒንግ እንኳ ወደብ የሚባል ነገር ስለሌለው በሁለቱ አድራሻዎች መካከል ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ ያ መንገድ ስፓይን 1 ከሆነ ሁሉም ደህና ይመስላል። የመንገዱን ኤምቲዩ ፈልጎ የማግኘት የተለመደው ዘዴም እዚህ አይደርስም፤ ስፓይን 2 "ፓኬቱ ትልቅ ነው" ብሎ ቢመልስ መልሱ የሚሄደው የውጪው ፓኬት ላኪ ወደሆነው ሊፍ 1 እንጂ ወደ ሀ አይደለም።

ስለዚህ ምርመራው በሰርቨሮቹ መካከል ሳይሆን በየገመዱ ላይ፣ ከሁለቱም ጫፍ መደረግ አለበት። በሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ስዊች ከስፓይን 2 ወደ ሊፍ 4 የገመድ አድራሻ እንዲህ ይሞከራል፤

```
ping -M do -s 1522 10.1.4.1
```

1522 ላይ 28 ባይት ራስጌ ሲደመር 1550 ይሆናል። `-M do` ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ያዛል። በተረሳው ወደብ ላይ `message too long` የሚል መልስ ከነ1500 ቁጥሩ ወዲያው ይመጣል። ከተቃራኒው ጫፍ ብቻ የሞከረ ሰው ግን ይህን መልስ ላያይ ይችላል፤ "ከሁለቱም ጫፍ" የተባለው ለዚህ ነው። ይህን ፈተና ሰርቨር ከመሰካቱ በፊት ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሊኑክስ ቪኤክስላን የሚያቆም ሰው ሌላም ትንሽ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የሊኑክስ ከርነል ነባር የወደብ ቁጥር 8472 ነው፤ ስዊቾች ግን 4789 ይጠብቃሉ። ቁጥሩ በግልጽ ካልተጻፈ ሁለቱ ጎን አይሰማሙም፤

```
ip link add vxlan10010 type vxlan id 10010 dstport 4789 local 10.0.0.1 nolearning
```

መጨረሻ ላይ ያለው `nolearning` ከትራፊኩ ላይ እንዳይማር የሚያደርግ ነው፤ አድራሻዎቹን ኢቪፒኤን ስለሚያመጣ።

ቪኤክስላን ሉፕን አጠፋ የሚለው አባባልም በግማሹ ብቻ እውነት ነው። በሊፍና በስፓይን መካከል ሉፕ አይኖርም። ሆኖም አንድ ሰው ርካሽ ስዊች አምጥቶ ሊፍ 1ንና ሊፍ 4ን በቪላን 10 ወደቦች ቢያገናኝ፣ የብሮድካስት ፍሬሙ በቪኤክስላኑ ሄዶ በርካሹ ስዊች ይመለሳል። የስፓኒንግ ትሪ መልእክቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቪኤክስላኑን አይሻገሩም፤ ሊፎቹ አንድ ሉፕ ውስጥ እንዳሉ በዚያ በኩል አያውቁም። በሰርቨር ወደቦች ሁሉ ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ የሚባለውን ማብራት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፖስታው አይመሰጠርም፣ አይፈረምበትምም፤ በመካከለኛው ኔትወርክ ላይ መግባት የቻለ ሰው ያነበዋል፣ አስመስሎም መላክ ይችላል።

ሁለት ራክና አንድ ጥንድ ስዊች ላለው ቢሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ሁለቱን ስዊቾች አጣምሮ በቪላን መሥራት ቀላል ነው፤ ችግር ሲፈጠርም ሌሊት የሚጠራው ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ሦስተኛው የላይ ስዊች የተፈለገ ቀን፣ ወይም ማሽኖች ከራክ ራክ እየተዛወሩ በእያንዳንዱ ጊዜ የቪላን ትራንክ መክፈት የግድ ሲሆን ያን ጊዜ ጥያቄው በእርግጥ ይነሳል።