«ቀልድ እኮ ነው»፦ የኮሶ ሻጭ ልጅ፣ አቡ ቱራብና የእኛ ሰፈር ቅጽል ስሞች



በደብረ ታቦር ባጃጅ ተራ ወይም ትምህርት ቤት በር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ በወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራ ወጣት ማግኘት ይቸግራችኋል። ረጅሙ «ምሰሶ» ነው፤ ወፍራሙ «ኩንታል» ነው፤ ሲናገር የሚንተባተበው «ቴፑ» ነው፤ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ደግሞ እስኪመረቅ ድረስ «ባላገሩ» ነው። ይህ ነገር ልክ አይደለም ብለን ስንናገር ሁልጊዜ የሚመጣልን መልስ አንድ ነው፦ «ቀልድ እኮ ነው፣ እሱ ራሱ ይስቃል፣ ለምዶታል።» ይህን መልስ አንቀበለውም። በሌላ በኩል «ቅጽል ስም ሁሉ ሐራም ነው» ብለው የሚዘጉትንም አንቀበልም። ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን ሳይጠይቁ የሚፈርዱ ናቸውና።

በቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ በመጥፎ ቅጽል ስሞች መጠራራት መከልከሉን ሁላችንም ሰምተናል። የወረደበትን ምክንያት ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ባስተላለፉት ዘገባ አቡ ጀቢራ የተባሉት ሰው አንቀጹ የወረደው በእነርሱ ጎሳ፣ በበኑ ሰሊማ፣ ምክንያት እንደሆነ ይናገራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ከዚያ ጎሳ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ስም ነበረው። እርሳቸው አንዱን በአንደኛው ስሙ ሲጠሩት አጠገባቸው ያሉት «በዚህ ስም እኮ ይቆጣል» ይሏቸው ነበር። ልብ በሉ፦ ጎረቤቶቹ ያውቁ ነበር! ሰውየው በየትኛው ስም እንደሚቆጣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀ ግን ይጠራዋል፤ እሱም አብሯቸው ይኖራል። «ለምዶታል» የምንለው ነገር ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዛሬም ስሙ ያስከፋው እንደሆነ አላወቅንም ማለት አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሳና የልጅ ልጃቸው የዳግማዊ ራስ ዐሊ መቀመጫ ነበረች። ራስ ዐሊና እናታቸው እቴጌ መነን ሰሜኑን ሲያስተዳድሩ በቋራ በኩል ካሳ ኃይሉ የሚባል ሽፍታ ተነሳባቸው። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ማለት ነው። የካሳ አባት ሲሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ኮሶ ይሸጡ ነበር ተብሎ ይወራ ነበር። በዚህም ምክንያት የቤተ መንግሥቱ ሰዎች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል ስም አወጡለት።

የስድቡን ክብደት ለመረዳት ኮሶ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ደጋ ውስጥ የኮሶ ትል ያልያዘው ሰው አልነበረም፤ ባላባቱንም ገበሬውንም ይይዛል። መድኃኒቱ የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ በጠዋት ይጠጣል። መራራ ነው፤ ሆድን ያጥባል፤ የጠጣው ሰው ያን ቀን አቅም አጥቶ ቤት ይውላል። ይህን ነገር ሰዎች በየሁለት ወሩ ገደማ ይወስዱት ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ሁሉም የሚገዛው፣ ሁሉም የሚፈልገው፣ ግን ማንም በይፋ ሊያነሳው የማይወደው ነገር ነው። በገበያ ጥግ ተቀምጣ የምትሸጠው ሴት የሁሉንም ሆድ ምስጢር ታውቃለች። የናቋት ደንበኞቿ ነበሩ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ሲሉ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይናገራሉ፦ ድሃ ነህ፣ አባት የለህም፣ እናትህ ገበያ ላይ ተቀምጣለች።

በ1839 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉትን አለቃ በካሳ ላይ አዘመቱ። ደጃዝማቹ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎከሩ። ተዋጉ፤ ካሳ አሸነፈ፤ ደጃዝማቹም ተማረኩ። ከዚያ የሆነው እስከ ዛሬ ይተረካል፦ ካሳ ኮሶ አስመጥቶ ለምርኮኛው አጠጣቸው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ጀግንነት ቀልድ ይተርከዋል፤ እኛም ስንሰማው እንስቃለን። ነገር ግን በደንብ ካየነው ስሙ ለካሳ ፈጽሞ እንዳልተለመደለት ማስረጃው ይህ ነው። አንድ ሰው በአሸነፈበት ቀን፣ ሠራዊቱ በፊቱ ቆሞ፣ የሚያስበው ስለዚያ ስም ከሆነ ቁስሉ ምን ያህል ጥልቅ ነበር? ይኸው ሰው ደግሞ «አባ ታጠቅ» የሚል የፈረስ ስም ነበረው። በዚያ ስም ወዳጆቹ ሲጠሩት ደስ ይለዋል፤ ይፎክርበታል። ሰውየው ቅጽል ስም አይጠላም ነበር ማለት ነው። የጠላው አንዱን ነው።

ዛሬ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ነገር ተገልብጧል። ቴዎድሮስን የሚያደንቁ ሰዎች በኩራት ያነሱታል፤ ከዝቅታ ተነስቶ ዙፋን ላይ የወጣ ለማለት። ቃሉ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው የሚናገረው ሰው ነው። ወንድይራድ ሲሉት ከላይ ወደ ታች የሚወረወር ድንጋይ ነበር፤ አድናቂው ሲለው ግን እናትየዋንም ጭምር ከፍ ያደርጋል። ይህም ሆኖ መገልበጡ የመጣው ባለቤቱ ንጉሥ ከሆነ በኋላ ነው። አጠገባችን ያለው «ባላገሩ» ግን ንጉሥ እስኪሆን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

የእናትን ነገር ካነሳን አይቀር አንድ ትልቅ የሐዲስ ዐሊም እንጥቀስ። ኢስማዒል ኢብኑ ኢብራሂም የበስራ ሰው ናቸው፤ በ193 ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ሰዉ «ኢብኑ ዑለያ» ይላቸው ነበር፤ የዑለያ ልጅ ማለት ነው። ዑለያ እናታቸው ናቸው። ስሙ ስድብ አልነበረም፤ ግን እርሳቸው አይወዱትም ነበር። ችግሩ ሌላ ስም ቢነገር የትኛው ኢስማዒል እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ኢማም ሻፊዒ ምን አደረጉ? ከእርሳቸው ሲያስተላልፉ «ኢብኑ ዑለያ የሚባሉት ኢስማዒል» ይሉ ነበር። ይህችን «የሚባሉት» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ኢማሙ ሰውየውን ያሳውቃሉ፤ ስሙን ግን በራሳቸው አፍ አያወጡለትም። የሌሎች ሰዎች አባባል አድርገው ያልፉታል። ይህን ያህል የተጠነቀቁት ለማይሰደብ ስም ነው!

«ታዲያ አል-አዕመሽስ? አል-አዕረጅስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ዓይነ ደካማ ማለት ነው፤ ሁለተኛው አንካሳ። ሁለቱም የታወቁ የሐዲስ አስተላላፊዎች ናቸው፤ በየሰነዱ የምናገኛቸውም በእነዚህ ስሞች ነው። ኢማም ነወዊ ነገሩን ግልጽ አድርገውታል፦ ሰው በሚጠላው ስም መጥራት ክልክል ነው፤ ሰውየው በሌላ ስም የማይታወቅ ከሆነና ዓላማው ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ግን ይፈቀዳል፤ በሌላ ስም ማሳወቅ ከተቻለ ደግሞ ያ ይሻላል። ስለዚህ «ቴፑ» እያልን በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የምንጽፍለት ወንድማችን ሙሉ ስሙ ከፎቶው ሥር ተጽፎ እያለ አል-አዕመሽን ጠበቃ ማቆም አያዋጣንም።

ታዲያ በፍቅር የሚጸና ስም የለም ወይ? አለ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ታሪክ ዐሊይ (ረ.ዐ) ከፋጢማ (ረ.ዐ) ጋር ትንሽ ተቃቅረው ከቤት ወጥተው መስጂድ ውስጥ ተኙ። ኩታቸው ከጀርባቸው ወርዶ አፈር ነካቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈልገው አገኟቸው፤ አፈሩን በእጃቸው እያራገፉላቸው «አቡ ቱራብ» ብለው ጠሯቸው፤ የአፈር አባት እንደማለት። በቃሉ ብቻ ካየነው ይህ መቀለጃ ሊሆን ይችላል፤ ከሚስቱ ተጣልቶ አፈር ላይ የተኛ ባል ነው! ግን እጁ አፈሩን እያራገፈ ነበር። በኋላ የዐሊይ ተቃዋሚዎች ይህንኑ ስም ለመስደቢያ ሊያውሉት ሞከሩ። ስሙን ያስተላለፉት ሰህል ኢብኑ ሰዕድ የመለሱት ለዐሊይ ከዚህ የሚወደድ ስም አልነበረም የሚል ነው። ተቃዋሚዎቹ አፈሩን አነሱ፤ ያራገፈውን እጅ ግን ማንሳት አልቻሉም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል ብለን እናምናለን። ስም ሲወጣ በቦታው የነበረው ምንድን ነው? ሰውየው ሲወድቅ ያነሳው ወዳጅ ያወጣለት ስም ቢያስቅም ይጸናል። ሲወድቅ ቆሞ ያየው ያወጣለት ስም ግን አሥር ዓመት ቢቆይም ውስጡ ይሻግታል። አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ በሠርግ ወይም በልጆቹ ፊት፣ ይፈነዳል።

ስለ ማኅበረሰብ ስሞችም በጥቂቱ እንበል። በጎንደር አካባቢ ሙስሊሙ «ነጋዴ» ይባል እንደነበር አባቶቻችን ያውቃሉ። መሬት በርስት በሚያዝበት ዘመን ርስት ያልተሰጠው ሰው ወደ ንግድና ወደ ሽመና ሄደ፤ የይፋግ ገበያና የደሪጣ ነጋዴዎች የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ባለርስቱ ቃሉን ሲናገር አፉን ጠምዘዝ አድርጎ ነበር። ዛሬ ግን ማንም «ነጋዴ» ተብሎ አይከፋም። ንግድን ሁሉም ተመኘው፤ ቃሉ የያዘው ሥራ ነበርና ንቀቱ ሲረግፍ ሥራው ብቻ ቀረ። «ጠይብ» የሚለው ግን እንደዚያ አልሆነም። እሱም የሥራ ስም ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን ይጠራል። ነገር ግን ከሥሩ ቡዳ ነው የሚል ክስ ተለጠፈበት። ክስ የተጫነበት ቃል በፈገግታ ቢነገርም አይለዝብም፤ ሰሚው የሚሰማው ክሱን ነውና። «ፈላሻ» የሚለውንም ቤተ እስራኤሎች የማይወዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈላሲ፣ መጤ የሚል ክስ በውስጡ አለ። «ባላገሩ» ስንለውም ወንድማችንን ከተማችን ያንተ አይደለም ማለታችን ነው። «ምሰሶ» ግን ክስ የለበትም፤ ቁመት ብቻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አንዱን ሰሐባ «ዙል የደይን»፣ ባለ ረጅም እጁ፣ ብለው ጠርተውታል፤ እሱም አልተከፋም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሥራ ይህ ነው። ቅጽል ስም የሰጠነውን ወንድም ለብቻው እንያዘው። በግሩፕ ውስጥ አይሁን፤ እዚያ ከመሳቅ ሌላ ምርጫ የለውም። «እህትህ ፊት በዚህ ስም ብጠራህ ምን ይሰማሃል?» ብለን እንጠይቀው። ወዲያው ቢስቅ መልካም። ትንሽ ዝም ብሎ «ችግር የለውም» ቢል ግን መልሱ ዝምታው ነው፤ ያን ዕለት ማታ ስልካችን ላይ የመዘገብንበትን ስም እንቀይር።