ደሞዝ ሲመረመር ማን ከማን ጋር ነው የሚነጻጸረው?

ባለፈው ሰሞን እሁድ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ወዳጄ ስልኳን አውጥታ ከመሥሪያ ቤቷ የመጣላትን ኢሜይል አሳየችኝ። መልእክቱ ባጭሩ፣ የደሞዝ ፍትሐዊነት ኦዲት አካሂደናል፤ ምክንያት የሌለው ልዩነት አላገኘንም የሚል ነው። እሷ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ባልደረባዋ በዓመት ከአምስት ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚበልጣት ታውቃለች። ራሱ ነው የነገራት። «ታዲያ ኦዲቱ ምኑን ነው ያየው?» አለችኝ።

እኔ እዚህ ለንደን ውስጥ እንጀራዬ የደሞዝ ሰንጠረዥ መመርመር ነው። ጥያቄዋን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገሩ ያለው «ምክንያት የሌለው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አንድ ኦዲት የሚያገኘው ነገር በሁለት ውሳኔዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ማንን ከማን ጋር አነጻጸረ? የትኛውንስ ምክንያት በቂ ነው ብሎ ተቀበለ? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ የሚያምታታ ነገር እናጥራ። ከ2017 ጀምሮ በብሪታንያ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች የሴትና የወንድ ክፍያ ልዩነታቸውን በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቃሉ። ያ ቁጥር የሁሉንም ሴቶች የሰዓት ክፍያ ከሁሉም ወንዶች ጋር የሚያስተያይ ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም የጽዳት ሠራተኛዋም አንድ ቋት ውስጥ ይገባሉ። አለቆቹ ወንዶች ከሆኑ ቁጥሩ ይሰፋል፤ ይህ ግን ለእኩል ሥራ እኩል አልተከፈለም ማለት አይደለም። ተቃራኒውም አለ። ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ አንዲት ሴት አጠገቧ ካለው ሰው በታች ልትከፈል ትችላለች። ኦዲት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሥራን ከሥራ ጋር ያስተያያል።

ታዲያ እኩል ሥራ የሚባለው የትኛው ነው? በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል። አንደኛው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ሁለተኛው በሥራ ምዘና እኩል ነጥብ ያገኘ ሥራ ነው። ሦስተኛው ዓይነቱ ፍጹም የተለየ ቢሆንም በሚጠይቀው ዕውቀት፣ ኃላፊነትና ድካም እኩል ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ኦዲቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የሥራ መጠሪያን ወይም ደረጃን ይወስዱና በዚያ ውስጥ ያሉትን ብቻ ያነጻጽራሉ። ደረጃው ራሱ ተዛብቶ ከሆነስ?

የዚህ ትምህርት ቤት በምሥራቅ ለንደን ያለው የዳገንሃም ፎርድ ፋብሪካ ነው። በ1968 የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ነገሩ ሲወራ «ሴቶቹ ከወንድ እኩል ይከፈለን አሉ» ተብሎ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነበር። ኩባንያው ባካሄደው ምዘና ሥራቸው «ቢ» በተባለው፣ አነስተኛ ሙያ በሚጠይቀው ደረጃ ተመደበ። እነሱ ደግሞ ሥራችን የ«ሲ» ደረጃ ሙያ የሚጠይቅ ነው አሉ። በዚያ ላይ ሴት በመሆናቸው የዚያኑ የ«ቢ» ደረጃ ክፍያ 85 በመቶ ብቻ ነበር የሚያገኙት። ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ጣልቃ ገብተው ክፍያቸው ወደ 92 በመቶ ከፍ አለ፤ በ1970ም የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። የደረጃው ጥያቄ ግን እስከ 1984 ድረስ ቆየ። «ሲ» የተሰጣቸው እንደገና ሥራ አቁመው ነው።

አሁን አንድ መርማሪ በነዚያ ዓመታት መካከል፣ የ«ቢ» ደረጃ ክፍያ ለሁሉም እኩል ከሆነ በኋላ፣ ወደ ፋብሪካው ገብቶ ነበር እንበል። «ቢ» ላይ ያሉትን ሴቶች «ቢ» ላይ ካሉት ወንዶች ጋር ቢያስተያይ ምንም ልዩነት አያገኝም፤ ንጹሕ ኦዲት ይሆናል። በደሉ ግን ደረጃው ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ደህና ኦዲት ከደሞዝ በፊት የሥራ ምዘናውን ይጠይቃል፦ መቼ ተሠራ? ነጥብ የተሰጠው ለምንድን ነው? ከባድ ዕቃ ማንሳት ነጥብ ካለው፣ የተቆጣ ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ማስተናገድስ ነጥብ አለው?

እኩል ሥራዎቹ ከተለዩ በኋላ ቁጥር ይመጣል። እዚህ ላይ ዓመታዊ ደሞዝ ያሳስታል። በሳምንት 35 ሰዓት ሠርቶ 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው በሰዓት 16.48 ይደርሰዋል። 40 ሰዓት ሠርቶ 32,000 የሚያገኘው ግን 15.38 ነው። በዓመት የሚበልጠው በሰዓት ያንሳል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሰዓት ይመለሳል፤ ቦነስ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የጡረታ መዋጮም እያንዳንዳቸው ለብቻ ይታያሉ። የእኩልነትና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መመሪያ 5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት ሁሉ፣ ወይም ወደ አንድ ወገን እየደጋገመ የሚያጋድል የ3 በመቶ ልዩነት ማብራሪያ ይፈልጋል ይላል።

ከሁሉም ከባዱ ማብራሪያው ነው። ልዩነት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሰውየው የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ይሆናል፤ ተጨማሪ ኃላፊነት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱ እውነተኛ መሆኑን፣ ከጾታ ጋርም የማይገናኝ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። ቢቢሲ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሳሚራ አህመድ ኒውስዎች የተባለውን የተመልካቾች አስተያየት ፕሮግራም ስታቀርብ በአንድ ዝግጅት 440 ፓውንድ ይከፈላት ነበር። ጀረሚ ቫይን ደግሞ ፖይንትስ ኦፍ ቪው ለተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም 3,000 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ቢቢሲ የእሱ ፕሮግራም መዝናኛ ነው፣ ለየት ያለ የአቀራረብ ለዛ ይጠይቃል፣ ታዋቂነቱም ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። የለንደኑ የሥራ ክርክር ችሎት በጥር 2020 በሙሉ ድምፅ ለእሷ ፈረደ። ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ሰውየው የተጻፈለትን ነው የሚያነበው፤ ልዩነቱ ከጾታ ውጪ በሆነ ምክንያት መምጣቱንም ቢቢሲ አላስረዳም አለ። ልብ በሉ፣ ዝና ምክንያት ሊሆን አይችልም አልተባለም። ክፍያው ሲወሰን ያ ምክንያት እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ጠፋ እንጂ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ኦዲቱ የእሷን ልዩነት አይቶታል፤ «የመነሻ ደሞዝ» በሚል ምክንያት ዘግቶታል። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተምራ ለንደን ስትመጣ የመጀመሪያ ሥራዋ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር፤ ደሞዟም 22,000 ፓውንድ። የሒሳብ ክፍል ሥራውን ስታገኝ ቀጣሪዋ «አሁን ስንት ይከፈልሻል?» ብሎ ጠየቀና በዚያ ላይ 10 በመቶ ጨመረ። 24,200 ሆነ። በዚያው ወር የተቀጠረው ባልደረባዋ 26,000 ያገኝ ስለነበር 28,600 ላይ ጀመረ። ሁለቱም በየዓመቱ 3 በመቶ ሲጨመርላቸው ኖረ። ከአምስት ዓመት በኋላ እሷ 28,054፣ እሱ 33,155 ላይ ናቸው። ልዩነቱ ከ4,400 ወደ 5,101 ፓውንድ አደገ፤ በመቶኛ ሲታይ ግን ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን 15.4 ነው። ሁሉም ሰው እኩል በመቶኛ ተጨመረለት፣ ማንም አልተበደለም ይባላል። እኩል መቶኛ ግን የመነሻውን ልዩነት አስቀጠለው እንጂ አልዘጋውም።

ይሄ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ሥራችን ከትምህርታችን በታች ነበር፤ ያ ደሞዝ ግን እንደ ጥላ ይከተለናል። የቀድሞ ደሞዝ ለመጀመሪያው ዓመት ልዩነት ታሪኩን ይነግረን ይሆናል። ለስድስተኛው ዓመት ግን ምኑን ያብራራል? በ1989 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲን አንዲት መምህርት ጉዳይ አይቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አጥሮት በዝቅተኛ ደሞዝ ቀጠራት፤ ችግሩ ሲያልፍ ግን ደሞዟ እዚያው ቀረ። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ ሲያበቃ ማብራሪያውም አብሮ ያበቃል አለ። ደህና መርማሪም መጠየቅ ያለበት «ለምን ተጀመረ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ዛሬስ ለምን ቀጠለ?» ማለት አለበት።

ማስተካከያውም ከዚህ ይከተላል። በመጀመሪያ ባልደረባዋ ለምሳሌ በጽሑፍ የታወቀ አበል የሚያስገኝ የሙያ ምስክር ወረቀት ካለው ያ ይቀነሳል። የቀረው በእሷ ደሞዝ ላይ ይጨመራል፤ የእሱ አይወርድም። ከዚያ ምንጩ ይደፈናል፦ አመልካች የቀድሞ ደሞዙን አይጠየቅም፤ መነሻው ከሥራው የደሞዝ እርከን ይወሰዳል። ሁለተኛውን ሳይሠሩ የመጀመሪያውን ብቻ የሠሩ መሥሪያ ቤቶች በሦስተኛው ዓመት ያንኑ ልዩነት እንደገና ያገኙታል።

ኦዲት የማያየው ነገርም አለ። በኤጀንሲ ወይም በኮንትራክተር በኩል የገባ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ከምርመራው ውጪ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ዓመታት ቢሠራም ቀጣሪው ሌላ ነውና። የዘር ጉዳይም አለ። በሕጉ የእኩል ክፍያ ክፍል ለጾታ የተጻፈ ነው፤ በዘር ምክንያት አነስተኛ የተከፈለው ሰው በአድልዎ ክስ መንገድ ነው የሚሄደው። መንግሥት በሐምሌ 2024 ይህን መብት ለዘርና ለአካል ጉዳት ለማስፋት ቃል ገብቷል። ቀጣሪ በፈቃዱ በዘርም ሊመረምር ይችላል፤ ግን መረጃ ያስፈልገዋል። ብዙዎቻችን ያንን ቅጽ ባዶ እንተወዋለን፣ ወይም «ሌላ» የሚለውን እንመርጣለን። ያን ጊዜ መርማሪው ጥቂቶችን ከብዙዎች ጋር ቀላቅሎ አንድ አማካይ ያወጣል፤ የእኛ ቁጥር እዚያ ውስጥ ይሰምጣል።

ለወዳጄ ያልኳት ይህንኑ ነው። ኦዲቱ ውሸት ነው ብለሽ አትጻፊ። ሦስት ጥያቄ ብቻ አቅርቢ፦ የእኔ ሥራ ከየትኛው ሥራ ጋር ተነጻጸረ? ለልዩነቱ የተቀበላችሁት ምክንያት ምንድን ነው? ያ ምክንያት ዛሬም ይሠራል ወይ? አድልዎ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከባልደረባ ጋር ስለ ደሞዝ መነጋገርን ሕጉ ይጠብቃል፤ ውል ውስጥ «ደሞዝህን አትናገር» የሚል ቢጻፍም እንኳ። ክስ ከመጣም በእንግሊዝ እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ሥራ ከለቀቁ ግን በስድስት ወር ውስጥ ነው።

እኛ ደሞዝ መጠያየቅ ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። እሷም ልጁ ራሱ ባይነግራት ኖሮ ያንን ኢሜይል አንብባ «ተመስገን፣ እኩል ነን» ብላ ትዘጋው ነበር። ደብዳቤዋን ባለፈው ሰኞ አስገብታለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው።