ጊፋታን በመኪና ወይስ በአውቶቡስ? ወሳኙ አምስተኛው ትኬት ነው

መስከረም ሲጠባ ሶዶ ዘመድ ያላችሁ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ቤት ውስጥ አንድ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚገኘው እሑድ ይከበራል፤ መሄዱ ላይ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ አካሄዱ ላይ ነው። አንዱ ወገን «መኪና በር ላይ ቆሞ ለአምስት ሰው ትኬት መቁረጥ ምን ይሉታል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «የቤንዚኑን ዋጋ አይተኸዋል?» ብሎ ይመልሳል።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የመኪናችሁ የነዳጅ ፍጆታና የምትቆርጡት የትኬት ብዛት ናቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና አብረን እናስላ። እዚህ የምጠቀምባቸው የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው፤ በእነሱ ቦታ በምትጓዙበት ሳምንት ያለውን ዋጋ ተክታችሁ ደግማችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 329 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 658 መሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ ለዘመድ ጥየቃና ለገበያ የምትነዱትን ጨምረን 700 ኪሎሜትር እንበለው። በሻሸመኔ በኩል ከሄዳችሁ አንዱ ጉዞ ብቻ ወደ 380 ኪሎሜትር ስለሚጠጋ ደርሶ መልሱ ላይ 100 ኪሎሜትር ያህል ይጨመራል። የፍጥነት መንገዱን ከመረጣችሁ ደግሞ የመንገድ ክፍያ አለ። ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ ጉዳይ ከሌላችሁ በስተቀር ለወጪ ቆጣቢው የሆሳዕናው መንገድ ነው።

ቀጥሎ መኪናችሁ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሻጩ የነገራችሁን ወይም ጎረቤት ስለ ራሱ መኪና የሚለውን አትውሰዱ። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ያያችሁት ፍጆታም ለረጅም መንገድ አያገለግልም፤ ቆም ሄድ የሚል መኪና ብዙ ይጠጣልና። ትክክለኛው ዘዴ ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ አስሞሉና የኪሎሜትር ቆጣሪውን ንባብ ጻፉ። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቢያንስ 200 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ሙሉ አስሞሉ። የነዳችሁትን ኪሎሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር አካፍሉት። ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ጭናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወይም የጎማው ንፋስ ከጎደለ ውጤቱ እንደሚቀንስ አስቡ።

ደህና የተያዘች ቪትዝ ቤተሰብ ጭና በሊትር 14 ኪሎሜትር ሄደች እንበል። 700ን ለ14 ስናካፍል 50 ሊትር ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን 120 ብር ቢሆን የነዳጁ ወጪ 6,000 ብር ነው። መኪናችሁ ከፍ ያለና በሊትር 10 ኪሎሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን 70 ሊትር ያስፈልገዋል፤ 8,400 ብር ይሆናል። መንገዱ አንድ፣ ቤተሰቡም አንድ ሆኖ ልዩነቱ 2,400 ብር ነው።

አሁን ደግሞ አውቶቡሱ

የአንድ ሰው ትኬት ለአንድ ጉዞ 700 ብር ነው ብለን እንውሰድ፤ ደርሶ መልስ 1,400 ይሆናል። በመኪናና በአውቶቡስ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መኪናው አንድ ሰው ጫነ አምስት፣ የነዳጁ ወጪ ብዙም አይለወጥም። አውቶቡሱ ግን በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል፤ መቀመጫ የያዘ ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ጉልበት ላይ የሚቀመጥ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ትኬት አይቆረጥለትም።

አባት፣ እናት፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም የ2 ዓመት ሕፃን ያሉበትን ቤተሰብ እናስብ። ሕፃኑ ጉልበት ላይ ስለሚሆን አራት ትኬት ይበቃል፤ 5,600 ብር። ትኬቱ ግን የሚያደርሰው ከመናኸሪያ መናኸሪያ ነው። ሌሊት ተነስቶ ልጅና ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ ለመድረስና ከዚያ ለመመለስ አዲስ አበባ ላይ ለታክሲ 800 ብር፣ ሶዶ ላይ ደግሞ ከዘመድ ዘመድ ለሚያመላልስ ባጃጅ 600 ብር እንያዝ። ድምሩ 7,000 ብር ሆነ።

6,000 ብር በመኪና፣ 7,000 ብር በአውቶቡስ። ብዙ ቤተሰብ ስሌቱን እዚህ ላይ ዘግቶ «በሉ ሻንጣ ጫኑ» ይላል። ስሌቱ ግን ገና አላለቀም።

ማደያው ላይ የማይከፈለው ወጪ

ነዳጅ የመኪና ወጪ ሁሉ አይደለም፤ ቶሎ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎሜትሩ በ6,000 ብር የምትቀይሩ ከሆነ እያንዳንዱ ኪሎሜትር 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይበላል። ለ700 ኪሎሜትር 840 ብር ማለት ነው። አራት ጎማ በ40,000 ብር ገዝታችሁ 40,000 ኪሎሜትር ቢያገለግላችሁ በኪሎሜትር 1 ብር ነው፤ ለዚህ ጉዞ 700 ብር። ሁለቱ ተደምረው 1,540 ብር ይሆናሉ። ኢንሹራንሱንና ዓመታዊ ምርመራውን ግን አትቁጠሩ፤ እነሱ መኪናው ሶዶ ሄደም ግቢ ውስጥ ቆመም የሚከፈሉ ናቸው። መቁጠር ያለባችሁ በዚህ ጉዞ ምክንያት የሚመጣውን ወጪ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመኪናው እውነተኛ ሒሳብ 7,540 ብር ደረሰ። አውቶቡሱ 7,000 ላይ ቆሟል። ለዚህ ቤተሰብ አውቶቡሱ በ540 ብር ረክሷል ማለት ነው።

ሕፃኑ አድጎ አምስት ዓመት ቢሞላውስ? ሰባት ስምንት ሰዓት ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል አምስተኛ ትኬት ይቆረጣል። የአውቶቡሱ ድምር 8,400 ይሆንና መኪናው በ860 ብር ይረክሳል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቢሄዱ ደግሞ ሁለት ትኬትና የከተማው ትራንስፖርት 4,200 ብር ነው፤ የመኪናው ነዳጅ ብቻውን ይበልጠዋል። በዚህ ስሌት መሠረት ለቪትዟ ባለቤት እስከ አራት ትኬት አውቶቡስ፣ ከአምስተኛው ትኬት ጀምሮ መኪና ያዋጣል። በሊትር 10 ኪሎሜትር ለሚሄደው መኪና ግን ነዳጁም ዘይቱም ጎማውም ተደምሮ 9,940 ብር ስለሚሆን አምስት ትኬት ቆርጦ መሄድ ይሻላል።

ስሌቱን የሚያዛቡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የመመለሻ ነዳጅ ነው። ቪትዝ ታንኳ 42 ሊትር ይይዛል፤ ጉዞው ግን 50 ይፈልጋል። ታንክ አሟጦ መንዳት ስለማይመከር መንገድ ላይ ቢያንስ 15 ሊትር መሙላት ግድ ነው። በዓል ሰሞን ማደያ ላይ ወረፋ ካለ ወይም ቤንዚን ካለቀ ያለው አማራጭ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው ነው። እሱ በሊትር 60 ብር ቢጨምር 15 ሊትር ላይ 900 ብር ተጨማሪ ታወጣላችሁ፤ ጥራቱም አያስተማምንም። መፍትሔው ሶዶ እስክትደርሱ አለመጠበቅ ነው። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ቡታጅራም ይሁን ሆሳዕና ወረፋ ያልበዛበት ማደያ ስታገኙ ሙሉት። ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ከቤት ሳትወጡ ቴሌብራችሁ ላይ በቂ ብር መኖሩን እዩ። ጄሪካን ሞልቶ ከልጆች ኋላ መጫን ግን ጨርሶ አይታሰብ፤ ትነቱና የእሳት አደጋው ከምትቆጥቡት ብር ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የበዓል ትኬት ነው። ታሪፍ ቢኖርም በዋዜማው ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅ አይጠፋም። በመሄጃው ብቻ በአንድ ትኬት 300 ብር ቢጨመርባችሁ በአራት ሰው 1,200 ብር ነው፤ 540 ብር ይረክስ የነበረው አውቶቡስ 660 ብር ይወደዳል። ስለዚህ አውቶቡስ ከመረጣችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ የተለጠፈውን ታሪፍ ትኬታችሁ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።

የዛሬ ዓመት የሠራ ስሌት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻዎች የተለየ ድጎማ አስቀርቶ ነበር። የቤት መኪና ያለው ሰው ግን የሊትሩን ዋጋ ከነጭማሪው ይከፍላል። ያኔ አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 አጋማሽ ከ101 ብር አልፏል። የትኬት ዋጋ ደግሞ የሚለወጠው ታሪፍ ሲሻሻል ነው። ሁለቱ እኩል አይራመዱም። ሊትሩ ላይ 10 ብር በተጨመረ ቁጥር የቪትዟ የሶዶ ጉዞ 500 ብር ይወደዳል፤ የትኬቱ ዋጋ ግን ለጊዜው ባለበት ሊቆይ ይችላል። የነዳጅ ዋጋ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይም የሶዶውን ለብቻ ጠይቁ።

እርግጥ ሁሉም ነገር በብር አይለካም። ከሶዶ ስትመለሱ እናት የምታሸክማችሁ ቅቤ፣ ዳጣና ሙዝ በመኪና ያለ ጣጣ ይመጣል፤ በአውቶቡስ ግን ከረዳቱ ጋር በጭነት ዋጋ መነጋገር አለ። በሌላ በኩል አሽከርካሪው በዓሉን አክብሮ በደከመ ጉልበቱ 329 ኪሎሜትር መንዳት ይጠብቀዋል። እነዚህን በቤታችሁ መዝኑ። የብሩ ልዩነት 500 ከሆነ ምቾቱ ይወስን፤ 2,000 ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ለጊፋታው የሥጋ ቅርጫ መዋጮ የሚረዳ ነውና ቁጥሩ ቢወስን ይሻላል።