ለምን እምቢ እንዳልኩ

ሰሞኑን «ተማሪዎችህ የስንዴ ቅጠል ፎቶ እያነሱ ይላኩልን፣ በፎቶ ቁጥር እንከፍላለን» የሚል ጥያቄ መጥቶልኝ እምቢ ብያለሁ። ለልጆቹ የሚገኝ ብር አስቀረህባቸው ብላችሁ የተቆጣችሁኝ ስላላችሁ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

አምና ከክበቡ ልጆች ጋር ሞክረነዋል። ስልክ ቅጠል አይቶ ቢጫ ዋግን እንዲለይ መጀመሪያ ብዙ ፎቶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ «ቢጫ ዋግ»፣ «ጤነኛ» እየተባለ ስም ይጻፍበታል፤ ማሽኑ የሚማረው ከዚያ ስም ነው። ልጆቹ በሁለት ሳምንት 800 ገደማ ፎቶ ይዘው መጡ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ስም ሰጠን። ቢጫ ያየነውን ሁሉ ዋግ አልነው፣ ምን ልበላችሁ!

በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ለምኜ አሳየሁት። ገና ከመጀመሩ «ይሄ እኮ ዩሪያ ያነሰው ነው» አለኝ። ቢጫ ዋግ ባደገ ቅጠል ላይ ጅማቱን ተከትሎ በመስመር ይወጣል፣ በጣት ሲታሽ ቢጫ ዱቄት ይለቃል። ናይትሮጅን ያጠረው ስንዴ ግን ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች፣ ከጫፋቸው ጀምሮ ነው የሚገረጣው፤ ዱቄት የለውም። ብዙዎቹን ፎቶዎች ደግሞ «ሳልነካው አላውቅም» ብሎ ተዋቸው። ፎቶ አይታሽማ! በዚህ ስህተት የተማረ ስልክ፣ ዩሪያ የሚያስፈልገውን ገበሬ በብድር የፀረ ፈንገስ ኬሚካል ያስገዛዋል። ዋግ የያዘውን ደግሞ ዩሪያ ጨምር ካለው ባሰ፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ዋጉ ይመቸዋል።

ሌላም ጉድ ነበረ። ጤነኛ ያልናቸው አብዛኞቹ ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሽተኞቹ ከገበሬ ማሳ የተነሱ ናቸው። ማሽኑ ቅጠሉን ትቶ አፈሩን ሊያጠና ይችላል። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፕላንትቪሌጅ በሚባለው የፎቶ ስብስብ ከ54 ሺህ በላይ ፎቶ አለ፤ ቅጠሎቹ ተቆርጠው ወጥ በሆነ መደብ ላይ የተነሱ ናቸው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ከዚያው ስብስብ ተነጥለው በቀሩ ፎቶዎች ሲፈተን ከ99 በመቶ በላይ ትክክል መለሰ። ከሌላ ቦታ የመጡ ፎቶዎች ሲሰጡት ወደ 31 በመቶ ወረደ። ስለዚህ መፈተኛው ለመማሪያ ፎቶ ካልተነሳበት ማሳ መምጣት አለበት። ከአንድ ተክል አስር ፎቶ አንስቶ ዘጠኙን አስተምሮ በአስረኛው መፈተን፣ ለተማሪ መልሱን ሰጥቶ ፈተና እንደማስቀመጥ ነው።

በፎቶ ቁጥር የሚከፈለው ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እኔ አስተማሪው አውቃለሁ። አንድ ቅጠል ላይ ቆሞ ሃያ ጊዜ ይጫናል።

ለሰዎቹ የመለስኩት ይሄንኑ ነው፦ ክፍያው በማሳ ቁጥር ይሁን፣ ባለሙያ አብሮን ይውጣ፣ ስሙ ቅጠሉ ታሽቶ እዚያው ይጻፍ፣ ያልለየነውን «አልታወቀም» ብለን እንመዝግብ። የባለሙያው አበል ከበጀታችን ውጭ ነው አሉኝ።