ዋጋው ለምን ረከሰ?

ቴሌግራም ላይ ስልክ የሚሸጥ ቻናል ከፍታችሁ ዋጋው ልባችሁን ደስ ሲያሰኘው፣ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ለምን በዚህ ዋጋ?» ብላችሁ ጠይቁ ባይ ነኝ። ርካሽ ነገር ሁሉ ማጭበርበሪያ አይደለም። ስልኩ ያገለገለ ይሆናል፣ ስክሪኑ ተቀይሮ ይሆናል፣ ካርቶኑ ጠፍቶ ይሆናል፣ ወይም ባለቤቱ ቶሎ ብር ፈልጎ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚያወርዱ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ሐቀኛ ሻጭ ከነዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይደበቅ ይነግራችኋል። አጭበርባሪው ግን «ታላቅ ቅናሽ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ አንድ ሊንክ ላከልኝ። ያገለገለ ሳምሰንግ፣ 256 ጊጋ፣ «እንደ አዲስ»፣ 24,000 ብር። ቻናሉ ከ18,000 በላይ ተከታይ አለው። «ልክፈል ወይስ ያመልጠኛል?» አለኝ። አብረን ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው። ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

መጀመሪያ ገበያውን ለካን። የስልኩን ሞዴል ስም ቴሌግራም መፈለጊያ ላይ ጽፈን፣ ዋጋ በግልጽ ከሚለጥፉ አምስት ሌሎች ሻጮች ዋጋ ወሰድን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 128 ጊጋውን ከ256ቱ፣ አዲሱን ካገለገለው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ተመሳሳዮቹን ብቻ ስንይዝ 38,000፣ 39,000፣ 40,000፣ 41,000 እና 43,500 ሆነ። መሃሉ 40,000 ነው። የኛ ሻጭ ከመሃሉ 16,000 ብር፣ ማለትም 40 በመቶ ወርዷል። በአምስቱ መካከል ያለው ልዩነት ጤናማ ነው፤ የባትሪው ሁኔታና የሱቅ ኪራይ ያመጣዋል። 40 በመቶ ግን ከየት ይመጣል? እዚህ የሚሸጠው ስልክ በዶላር ተገዝቶ፣ ከውጭ ገብቶ፣ በብዙ እጅ አልፎ ነው። ሌሎቹ ራሳቸው ገዝተው ካመጡበት በታች የሚሸጥ ሰው ወይ የተሰረቀ ስልክ ይዟል፣ ወይ ስልኩ ያልተነገረ ችግር አለበት፣ ወይ ስልክ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም።

በነገራችን ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለው ልማድ አይመቸኝም። ብዙ ሐቀኛ ሻጮችም ያደርጉታል፤ ግን ገዢው እንዳያወዳድር ያደርጋል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ዋጋ ለመጥራትም ያመቻል። ዋጋውን በአደባባይ የማይጽፍ ሻጭ ቢያንስ አንድ ማረጋገጫ ነፍጓችኋል።

ቀጥለን የደንበኞች አስተያየት የተባለውን አየን። ቻናሉ ላይ 9 ስክሪንሾቶች ተለጥፈዋል፤ «ታማኞች ናችሁ»፣ «ደርሶኛል፣ እናመሰግናለን» የሚሉ። ስክሪንሾት የሚመርጠውም የሚለጥፈውም ሻጩ ራሱ መሆኑን አትርሱ። ጓደኛው በሌላ ስልክ ሊጽፍለት ይችላል። የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ነገር አየ፦ ስክሪንሾቶቹ የተለጠፉት በሦስት ሳምንት ውስጥ በተለያየ ቀን ነው፤ ከላይ ጥግ ላይ የሚታየው ሰዓት ግን በሁሉም ላይ ከ4፡10 እስከ 4፡25 ነው፣ ባትሪውም ከ61 በመቶ ወደ 58 ብቻ ነው የወረደው። በቃ፣ አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ የሠራቸው ናቸው።

እውነተኛ አስተያየት ውስጥ ገዢ ብቻ የሚያውቀው ዝርዝር ይገኛል። «ቻርጀሩ ኦሪጅናል አልነበረም፣ በማግስቱ ቀየሩልኝ» የሚል አንድ ቅሬታ ከአሥር «ታማኞች ናችሁ» ይልቅ ስለ ሻጩ ይነግራችኋል። ስለዚህ ኮሜንት ክፍት የሆነበትን ቻናል ፈልጉ፤ ምስጋናውን እለፉና ቅሬታውን፣ ከዚያም ሻጩ የመለሰውን አንብቡ። ኮሜንት ዘግቶ ስክሪንሾት ብቻ የሚያሳያችሁ ሰው የሚያወራው ብቻውን ነው።

ሦስተኛው የሻጩ ታሪክ ነው። እንደኔ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ የተከታዩ ብዛት ያታልላል። ቻናሉን ወደ ላይ ስትገፉ የሚመጣውን ቀን ስትነኩት የቀን መቁጠሪያ ይከፈታል፤ ወደ መጀመሪያዎቹ ፖስቶች ሂዱ። እኛ ስንሄድ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የትርጉም ፊልም ሊንኮች! ለሁለት ዓመት ፊልም ሲለጥፍ ቆይቶ፣ ጥቂት ወራት ዝም ብሎ፣ የቻናሉ ስም ተቀይሮ፣ ስልክ መሸጥ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። እነዚያ 18,000 ሰዎች ፊልም ፈልገው የገቡ ናቸው፤ ከሻጩ አንድ ስልክ የገዛ የለባቸውም። ቻናል እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል ይለወጣል። በፖስቶቹ ሥር ያለው የተመልካች ቁጥርም 300 አካባቢ ነበር፤ ለ18,000 ተከታይ በጣም ትንሽ ነው።

ይህ ማረጋገጫ ግን ገደብ አለው። ተከታይም ተመልካችም በገንዘብ ይገዛል፣ የድሮ ፖስትም ይሰረዛል። ስለዚህ መጥፎ ታሪክ ካገኛችሁ ሽሹ፤ ጥሩ ታሪክ ማግኘት ብቻውን ግን ለመክፈል አይበቃም። የታወቀ ሱቅ ስም ካያችሁም ዩዘርኔሙን ፊደል በፊደል አንብቡት። በላቲን ፊደል ትንሿ `l` እና ትልቁ `I` ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ፤ አስመሳይ ቻናል የሚከፈተው በዚህች ክፍተት ነው።

መጨረሻ ላይ ሻጩን ራሱን ፈተንነው። የዛሬውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ከስልኩ ጎን አድርጎ፣ `*#06#` ሲደውል የሚወጣው ቁጥር እየታየ አጭር ቪዲዮ እንዲልክ ጠየቅን። ስልኩን በእጁ ለያዘ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መልሱ «ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው፣ 5,000 ቀብድ ላኩና እናስቀምጥላችሁ» ሆነ። ሱቃችሁ የት ነው ስንል «ዴሊቨሪ ብቻ ነው የምንሠራው»። የላከው የባንክ ሒሳብም በቻናሉ ላይ ካለው ስም ጋር በማይገናኝ በሌላ ግለሰብ ስም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሚያስቸኩላችሁ ሻጭ እንዳታዩ የሚፈልገው ነገር አለው። ቪዲዮውን ደግመን ስንጠይቅ ብሎክ አደረገን።

«ታዲያ አዲስ የጀመረ ሐቀኛ ሻጭ ምን ይሁን?» የሚለኝ ይኖራል፤ ትክክል ነው። አዲስ ሻጭ ታሪክ የለውም፣ አስተያየትም የለውም። እሱን ከአጭበርባሪው የሚለየው ገንዘቡ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ሰው በሚበዛበት ቦታ አገናኝቶ፣ ስልኩን አስከፍቶ፣ ሲም አስገብታችሁ ደውላችሁ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን አይታችሁ እንድትከፍሉ ከፈቀደ፣ ታሪክ ባይኖረውም ችግር የለም። ያልያዛችሁትን ዕቃ ቀብድ ክፈሉ ካለ ግን፣ ዋጋው 24,000ም ይሁን 40,000 ለኔ ልዩነት የለውም። በባንክ የተላከ ብር ሐሳብ ስለቀየራችሁ ብቻ ተመልሶ አይመጣም።